የውክልና ሕግ

የውክልና ሕግ ማለት ሕግ አውጪው ምክር ቤት በሰጠው ሥልጣን መሠረት ሚኒስትሮች፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችና ሌሎች የመንግሥት ተቋማት የሚያወጡት አስገዳጅ ሕግ ነው። ሥልጣኑን የሚሰጠው የምክር ቤቱ ሕግ እናት ሕግ ይባላል። በእናት ሕጉ ውስጥ ሥልጣን የሚያስተላልፈው አንቀጽ የውክልና አንቀጽ ሲሆን፣ ከሱ የሚወለደው ሕግ ደግሞ እንደየአገሩ ደንብ፣ መመሪያ ወይም ትዕዛዝ የሚል ስም ይኖረዋል።

አብዛኛው ሰው በየዕለቱ የሚገናኘው ከእናት ሕጉ ጋር ሳይሆን ከውክልና ሕጉ ጋር ነው። ምክር ቤት ንግድ ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ ይደነግጋል፤ ለፈቃዱ ምን ሰነድ እንደሚቀርብ፣ ስንት እንደሚከፈልና በምን ያህል ጊዜ እንደሚታደስ የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ አካል ነው። የውክልና ሕግ እንደ ማንኛውም ሕግ ያስገድዳል። ልዩነቱ በራሱ የማይቆም መሆኑ ነው። የሚጸናው ከእናት ሕጉ ወሰን እስካልወጣ ድረስ ብቻ ሲሆን፣ ወሰኑን ካለፈ ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የውክልና ሕግ በኢትዮጵያ ያለውን ቦታ፣ ምክር ቤቶች ሥልጣናቸውን የሚሰጡበትን ምክንያትና የቁጥጥር መንገዶችን ያብራራል። በዋና ምሳሌነት የተወሰደው በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውና በ2017 የተሻረው የሥራ ክርክር ችሎት ክፍያ ትዕዛዝ ነው።

## የሕጎች ደረጃ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 መሠረት ለፌዴራሉ መንግሥት በተሰጡ ጉዳዮች ሕግ የማውጣት ሥልጣን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ የሚያወጣው ሕግ አዋጅ ይባላል። አንቀጽ 77 ንዑስ አንቀጽ 13 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚያወጣ ይናገራል፤ ነገር ግን ይህን የሚያደርገው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚሰጠው ሥልጣን መሠረት መሆኑን አብሮ ይደነግጋል።

ስለዚህ የፌዴራል ሕጎች ደረጃ አላቸው። ከሁሉም በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። ከሱ ቀጥሎ አዋጅ፣ ከአዋጅ በታች የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ፣ ከደንብ በታች ደግሞ አንድ ሚኒስቴር፣ ባለሥልጣን ወይም ቦርድ የሚያወጣው መመሪያ ይገኛል። የታችኛው የላይኛውን ሊቃረን አይችልም። ከእነዚህ ውስጥ የውክልና ሕግ የሚባሉት ደንብና መመሪያ ናቸው።

የውክልና አንቀጹ ብዙውን ጊዜ በአዋጁ መጨረሻ አካባቢ፣ ደንብና መመሪያ ስለማውጣት በሚል ርዕስ ሥር ይገኛል። የተለመደው አቀራረብ አዋጁን ለማስፈጸም የሚያስፈልግ ደንብ የማውጣት ሥልጣን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ አዋጁንና ደንቡን ለማስፈጸም የሚያስፈልግ መመሪያ የማውጣት ሥልጣን ደግሞ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት መስጠት ነው። አንዳንድ አዋጆች ከዚህ ራቅ ብለው በመካከላቸው ባሉ አንቀጾች የተወሰነ ጉዳይን ለይተው ለደንብ ይተዋሉ።

የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ብቻ የሚከለሉት የሥራ መስኮች የትኞቹ እንደሆኑ አዋጁ ራሱ አልዘረዘረም፤ ዝርዝሩን ለደንብ ተወው። በዚሁ ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 474/2012ን አውጥቶ ባንክን፣ ኢንሹራንስን፣ የጥሬ ቡና ወጪ ንግድንና ሌሎችንም መስኮች ዘረዘረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ ባወጣው መመሪያ ቁጥር 1001/2016 ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ተከልለው የነበሩ የወጪ፣ የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ሥራዎች በተወሰኑ ቅድመ ሁኔታዎች ለውጭ ባለሀብቶች ተከፈቱ። ለብዙ ዓመታት ዝግ የነበረ ገበያ የተከፈተው አዲስ አዋጅ ወጥቶ ሳይሆን በመመሪያ ነው። ይህ የውክልና ሕግን ጥቅምም ስጋትም በአንድ ላይ ያሳያል። ለውጡ በፍጥነት ይመጣል፤ ሆኖም ትልቅ የፖሊሲ ለውጥ በምክር ቤት ክርክር ሳይደረግበት ሊያልፍ ይችላል።

## ምክር ቤቶች ሥልጣናቸውን ለምን ይሰጣሉ

ጥያቄው በብሪታንያ በግልጽ የተነሣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 የእንግሊዝ ዋና ዳኛ የነበሩት ሎርድ ሂዋርት «አዲሱ አምባገነንነት» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ የሰጡትን መጽሐፍ አሳተሙ። በመጽሐፉ ሚኒስትሮችና ሠራተኞቻቸው የፓርላማውንም የፍርድ ቤቱንም ሥራ እየወሰዱ ነው ሲሉ ወቀሱ። በዚያው ዓመት መንግሥት ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመ። በሰብሳቢው ስም የዶኖሞር ኮሚቴ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ቡድን በ1932 ባቀረበው ሪፖርት የውክልና ሕግ የማይቀር መሆኑን ተቀብሎ ምክንያቶቹን አስቀመጠ። ምክንያቶቹ ዛሬም በየአገሩ የሚሰጡት እነዚያው ናቸው።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። አንድ ምክር ቤት በዓመት የሚቀመጥባቸው ቀናት የተወሰኑ ናቸው። የእያንዳንዱን ፈቃድ ክፍያ፣ የእያንዳንዱን ቅጽ ይዘት በምልዓተ ጉባኤ ላንሣ ቢል ለዋናው ሥራ ጊዜ አይተርፈውም። ስለዚህ መርሁን ራሱ ይወስንና ዝርዝሩን ለሌላ ይተዋል።

ሁለተኛው ሙያ ነው። በመድኃኒት ውስጥ የሚፈቀደው የአንድ ንጥረ ነገር መጠን ወይም የአውሮፕላን ጥገና ደረጃ የምክር ቤት አባላት በድምፅ ብልጫ ሊወስኑት የሚመች ጉዳይ አይደለም። እውቀቱ ያለው በመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች ዘንድ ነው።

ሦስተኛው ለውጥ ነው። ሕግ ሲወጣ ያልታሰበ ነገር በኋላ ይከሰታል፤ የገንዘብ ዋጋ ይወርዳል፣ አዲስ ቴክኖሎጂ ይመጣል። በአዋጅ የተጻፈ የገንዘብ መጠንን ለመለወጥ ረቂቅ አዘጋጅቶ፣ ለቋሚ ኮሚቴ መርቶ፣ አወያይቶ ማጽደቅ ያስፈልጋል። በደንብ የተጻፈውን መለወጥ ግን ይቀላል። ከዚህም ጋር አንድን አሠራር ለጊዜው ሞክሮ ውጤቱን አይቶ ማስተካከል ይቻላል።

አራተኛው አስቸኳይ ሁኔታ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ 19 ወረርሽኝን ለመከላከል በኢትዮጵያ በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ሥር የተከለከሉትንና የሚፈቀዱትን ተግባራት የዘረዘረው ደንብ ቁጥር 466/2012 ነበር። የበሽታው ሁኔታ በየሳምንቱ ሲለዋወጥ ዝርዝሩን በአዋጅ እያሻሻሉ መከተል አይቻልም።

ከእነዚህ አራት ምክንያቶች ሌላ በሪፖርት የማይጻፍ አምስተኛ ምክንያትም አለ። ምክር ቤቱ ሊስማማበት ያልቻለውን ወይም መራጩን የሚያስቆጣውን ውሳኔ ለሚኒስቴር ሲተው ኃላፊነቱን አብሮ ያሻግራል። አንድ የውክልና አንቀጽ የትኛውን ምክንያት እንደሚያገለግል ለመለየት የሚረዳው አዋጁ ራሱ ምን እንደወሰነ መመልከት ነው። አዋጁ ዓላማውን፣ ወሰኑንና መመዘኛውን አስቀምጦ ዝርዝሩን ብቻ ከተወ ሥልጣኑ ለማስፈጸም የተሰጠ ነው። አዋጁ «ሚኒስትሩ ይወስናል» ብሎ በምን መመዘኛ እንደሚወስን ካልተናገረ ግን የተላለፈው ዝርዝሩ ሳይሆን ፖሊሲው ራሱ ነው።

## የምክር ቤት ቁጥጥርና ድክመቱ

ሥልጣን የሰጠ ምክር ቤት ሥልጣኑ እንዴት እንደዋለ መከታተል አለበት። ብሪታንያ ለዚህ ሥርዓት ያበጀችው በተለይ እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጣችው የውክልና ሕጎች አወጣጥ ሕግ ነው። በዚህ ሥርዓት ሁለት ዋና መንገዶች አሉ።

አንደኛው መንገድ በዝምታ የሚጸና ነው። ሚኒስትሩ ሕጉን አውጥቶ ለፓርላማ ያቀርባል፤ ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንዱ በ40 ቀን ውስጥ ካልሻረው ይቀጥላል። አብዛኛው የውክልና ሕግ የሚያልፈው በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው መንገድ ግልጽ ይሁንታ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ረቂቁ ሁለቱም ምክር ቤቶች ካላጸደቁት በቀር ሕግ አይሆንም። የትኛው መንገድ እንደሚሠራ የሚወስነው እናት ሕጉ ነው።

በሁለቱም መንገድ ግን የምክር ቤት አባላት ጽሑፉን ማሻሻል አይችሉም። ያላቸው ምርጫ ሙሉውን መቀበል ወይም ሙሉውን መጣል ነው። በአንድ ቁጥር ላይ ቅሬታ ያለው አባል ለዚያ ሲል መላውን ሰነድ መጣል ስለሚከብደው ያሳልፈዋል። ክርክሩም አጭር ነው። ለዚህም ነው የታችኛው ምክር ቤት እንዲህ ያለ ሕግ ለመጨረሻ ጊዜ ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው የሚባለው። በወረቀት ላይ ጠንካራ የሚመስለው ቁጥጥር በተግባር ደካማ ነው። ቀጥሎ ያለው ምሳሌ የሚያሳየውም በጠንካራው መንገድ ያለፈ ትዕዛዝ እንኳ ከእናት ሕጉ ወሰን ወጥቶ ሊገኝ እንደሚችል ነው።

## ምሳሌ፦ የሥራ ክርክር ችሎት ክፍያ

በብሪታንያ ከአሠሪው ጋር የተጋጨ ሠራተኛ አቤቱታውን የሚያቀርበው ለሥራ ክርክር ችሎት ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ያላግባብ ከሥራ መባረር፣ በጾታ ወይም በዘር ምክንያት የሚደርስ አድልዎ የሚታየው እዚያ ነው። ችሎቶቹ በ1960ዎቹ ከተቋቋሙ ጀምሮ አቤቱታ ለማቅረብ ክፍያ አይጠየቅም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2007 ፓርላማው የችሎቶችን አደረጃጀት የሚመለከት ሰፊ ሕግ አወጣ። የዚህ ሕግ አንቀጽ 42 ሎርድ ቻንስለሩ በችሎቶች ለሚታዩ ጉዳዮች የሚከፈለውን ገንዘብ በትዕዛዝ ሊወስን እንደሚችል ይናገራል። ሎርድ ቻንስለር ዛሬ የፍትሕ ሚኒስትሩ የሚይዘው ጥንታዊ ሹመት ነው። አንቀጹ ክፍያው ስንት ሊሆን እንደሚችል ጣሪያ አላስቀመጠም።

ሥልጣኑ በሥራ ክርክር ችሎቶች ላይ የዋለው በ2013 ነው። መንግሥት አስቀድሞ የሕዝብ አስተያየት ጠየቀ፤ ረቂቁን በሁለቱም ምክር ቤቶች አስጸደቀ፤ ትዕዛዙም ሐምሌ 29 ቀን 2013 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ዋለ። መንግሥት ሦስት ዓላማዎች ነበሩት። የችሎቶቹን ወጪ ከግብር ከፋዩ ወደ ተጠቃሚው በከፊል ማሸጋገር፣ ባለጉዳዮች ቀድመው እንዲታረቁ ማበረታታት፣ መሠረት የሌለው አቤቱታ እንዳይበዛ ማድረግ።

ትዕዛዙ ጉዳዮቹን በሁለት ዓይነት ከፈላቸው። እንደ ያልተከፈለ ደመወዝ ያሉ ቀላል የተባሉ ጉዳዮች አቤቱታ ሲቀርብ 160 ፓውንድ፣ ከመሰማቱ በፊት 230 ፓውንድ፣ በድምሩ 390 ፓውንድ ይከፈልባቸዋል። ከሥራ መባረርና አድልዎን የሚመለከቱት ደግሞ 250 እና 950 ፓውንድ፣ በድምሩ 1,200 ፓውንድ። ገቢያቸውና ቁጠባቸው ከተወሰነ መጠን በታች ለሆኑ ሰዎች ክፍያው በሙሉ ወይም በከፊል የሚቀርበት ሥርዓት አብሮ ነበር።

ችግሩ በሒሳብ ይታያል። 300 ፓውንድ ደመወዝ የቀረበትን ሠራተኛ እናስብ። ጉዳዩ እስከ መጨረሻው እንዲሰማለት 390 ፓውንድ አስቀድሞ መክፈል አለበት። ከተሸነፈ 300 ፓውንዱንም 390ውንም ያጣል። ካሸነፈ ችሎቱ አሠሪው ክፍያውን እንዲተካለት ሊያዝ ይችላል፤ ነገር ግን መፍረድና ገንዘቡ እጅ መግባት ለየብቻ ናቸው። በመደበኛ ፍርድ ቤቶች ክፍያው ከሚጠየቀው ገንዘብ መጠን ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። በዚህ ትዕዛዝ ግን 300 ፓውንድ የሚጠይቀውም 3,000 የሚጠይቀውም ያው 390 ይከፍላሉ። ትንሽ ገንዘብ የቀረበት ሰው አስቦ ሲያየው አለመክሰሱ ይሻለዋል።

የሆነውም ይኸው ነው። ችሎቶቹ የሚቀበሏቸው አቤቱታዎች ቁጥር በዘላቂነት ከ66 እስከ 70 በመቶ ወረደ። መንግሥት እንዳሰበው የሚቀሩት መሠረት የሌላቸው አቤቱታዎች ቢሆኑ ኖሮ ከተረፉት መካከል የሚያሸንፉት ድርሻ ከፍ ማለት ነበረበት። የታየው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚያሸንፉት ድርሻ ቀነሰ። ክፍያው ደካማውን ጉዳይ ከጠንካራው እየለየ አልነበረም ማለት ነው።

ዩኒሰን የተባለው የሠራተኛ ማኅበር ትዕዛዙን ተቃውሞ ከሰሰ። በከፍተኛው ፍርድ ቤትም በይግባኝ ሰሚውም ተሸነፈ። በመጨረሻ ሐምሌ 26 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰባት ዳኞች በአንድ ድምፅ ትዕዛዙ ከመነሻው ሕገ ወጥ ነበር ብለው ሻሩት። ዋናውን ፍርድ የጻፉት ሎርድ ሪድ ናቸው።

የፍርዱ መንገድ የውክልና ሕግን ምንነት በደንብ ያሳያል። በብሪታንያ ፍርድ ቤት የፓርላማን ሕግ መሻር አይችልም፤ ስለዚህ አንቀጽ 42 አልተነካም። የተጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ፓርላማው «ክፍያ ሊወሰን ይችላል» ሲል ምን ያህል ሥልጣን ሰጠ? ፍርድ ቤቱ እንዳለው ወደ ፍርድ ቤት የመድረስ መብት በአገሩ ሕግ መሠረታዊ ነው። እንዲህ ያለውን መብት የሚያስቀር ሥልጣን በጠቅላላ ቃላት ውስጥ ተደብቆ እንደተሰጠ አይቆጠርም። ፓርላማው ያንን ከፈለገ በግልጽ መናገር አለበት። አንቀጽ 42 ደግሞ እንዲህ አላለም። ስለዚህ አንቀጹ የሰጠው ክፍያ የመወሰን ሥልጣን እንጂ ሰዎችን ከችሎት ደጅ የሚመልስ ክፍያ የመወሰን ሥልጣን አይደለም።

ፍርድ ቤቱ ይህን በተግባር መዘነው። ለኑሮ ከሚያስፈልጋቸው ተገቢ ወጪ ካልቀነሱ በቀር ክፍያውን መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች እንዳሉ በሒሳብ ታየ። ክፍያውን መክፈል የሚችል ሰውም ቢሆን፣ የሚጠይቀው ገንዘብ ከክፍያው አንጻር ትንሽ ሲሆን መክሰስ ትርጉም እንደሚያጣበት ተገለጸ። ከዚህም ሌላ ሎርድ ሪድ የችሎት ጥቅም ለከሳሹ ብቻ አለመሆኑን አስረዱ። ፓርላማው ለሠራተኛ የሰጠው መብት የሚከበረው አሠሪዎች ሊከሰሱ እንደሚችሉ ስለሚያውቁ ነው። ሚኒስትሩ በትዕዛዝ የችሎቱን በር ካጠበበ ፓርላማው በሌሎች ሕጎች የሰጠውን መብት በጓሮ በር ባዶ ያደርገዋል። ሌዲ ሄል ደግሞ በተጨማሪ ፍርዳቸው ከፍተኛው ክፍያ የአድልዎ አቤቱታ በሚያቀርቡ ሰዎች ላይ በተዘዋዋሪ አድልዎ እንደሚፈጥር አሳዩ።

ትዕዛዙ ሲሻር ክፍያው ወዲያው ቆመ። መንግሥትም ከ2013 ጀምሮ የሰበሰበውን ገንዘብ ለከፈሉት ሰዎች የሚመልስበትን አሠራር ከፈተ። ገንዘቡ ቢመለስም በአራቱ ዓመታት ውስጥ በክፍያው ፈርተው ጭራሹን ያልከሰሱት ሰዎች ግን ምንም አልከፈሉምና የሚመለስላቸው አልነበረም። ያላግባብ የወጣ የውክልና ሕግ በኋላ ቢሻር እንኳ ጉዳቱ ሁሉ አይሻርም።

## የውክልና ሕግ መጽናቱ እንዴት ይመረመራል

ምሳሌው አንድን የውክልና ሕግ ለመመርመር የሚጠቅሙ ሦስት ጥያቄዎችን ያወጣል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ሥልጣኑ ከየት መጣ የሚለው ነው። ደንብ ወይም መመሪያ ብዙውን ጊዜ በመግቢያው የትኛው አዋጅ፣ የትኛው አንቀጽ ሥልጣን እንደሰጠው ይጠቅሳል። አንባቢው አዋጁን ገልጦ አንቀጹን ማየት ይችላል። ሥልጣኑ የተሰጠው ለዚያው አካል ነው? የተሰጠውስ በዚያው ጉዳይ ላይ ነው? ለሚኒስትሮች ምክር ቤት የተተወን ጉዳይ አንድ ሚኒስቴር በመመሪያ ከወሰነው፣ ውሳኔው ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ሥልጣን የለውም።

ሁለተኛው ሥነ ሥርዓቱ ተጠብቋል ወይ የሚለው ነው። ሕጉ አስተያየት ይሰብሰብ፣ ይመዝገብ፣ ይታተም ካለ ይህ መደረግ አለበት።

ሦስተኛው ሕጉ በይዘቱ ከተሰጠው ወሰን አልፏል ወይ የሚለው ነው። የብሪታንያው ትዕዛዝ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች አልፎ ነበር። ሥልጣኑ ለሎርድ ቻንስለሩ የተሰጠ ነው፤ አስተያየትም ተጠይቋል፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች አጽድቀውታል። የወደቀው በሦስተኛው ነው። የምክር ቤቶቹ ይሁንታም አላዳነውም፤ ምክንያቱም ምክር ቤት ያጸደቀው ትዕዛዝ ትዕዛዝ ሆኖ ይቀራል እንጂ የፓርላማ ሕግ አይሆንም።

## የመመሪያ አወጣጥ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ደንቦች እንደ አዋጆች በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማሉ። መመሪያዎች ግን በጋዜጣው አይወጡም። ለረጅም ጊዜ መመሪያ የሚዘጋጅበት ወጥ ሥርዓት ስላልነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ያወጣውን መመሪያ ባለጉዳዩ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ በመስኮት ላይ «መመሪያው አይፈቅድም» ሲባል ነበር። መመሪያውን አይቶ ካላነበበ ከአዋጁ ጋር መጣጣሙን ሊመረምር አይችልም።

ይህን ለመለወጥ የወጣው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። በአዋጁ መሠረት አንድ ተቋም መመሪያ ማውጣት የሚችለው ሕግ ሥልጣን ከሰጠው ብቻ ነው። ረቂቁን ሲያዘጋጅ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ሰዎች በጽሑፍ አስተያየት የሚሰጡበት ጊዜ ይፈቅዳል። ረቂቁ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተልኮ የሕግ አስተያየት ይሰጥበታል፤ ከጸደቀ በኋላም እዚያው ይመዘገባል። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በ2014 ዓ.ም. ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ስለተለወጠ ሥራው አሁን የሚኒስቴሩ ነው። የተመዘገበው መመሪያ በድረ ገጽ ለሕዝብ ይገለጻል። ያልተመዘገበና ያልተገለጸ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም። ይህ ለባለጉዳይ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የተጠቀሰለትን መመሪያ ቁጥር ጠይቆ፣ ጽሑፉን ፈልጎ ማንበብ ይችላል።

አዋጁ ሕግን ያልተከተለ መመሪያ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከለስ የሚጠየቅበትንም መንገድ ከፍቷል። በኢትዮጵያ አንድ አዋጅ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ተቃርኗል የሚል ክርክር የሚወሰነው በመደበኛ ፍርድ ቤት ሳይሆን በፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። መመሪያ ከአዋጁ ወሰን አልፏል የሚለው ክርክር ግን በፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። በዚህ በኩል ነገሩ ከብሪታንያው ጋር ይመሳሰላል፦ ዳኛው የምክር ቤቱን ሕግ ሳይነካ በሱ ሥር የወጣውን ይመረምራል።

አዋጁ ወሰን አለው። የሚመለከተው የአስተዳደር ተቋማትን መመሪያና ውሳኔ ነው፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የሚዘጋጅበትን መንገድ አይደነግግም። የመከላከያ፣ የደኅንነትና የመሰሉት ተቋማት ሥራም ከሥሩ ውጭ ነው። በተጨማሪም ክለሳው ዋጋ የሚኖረው ሥልጣን የሰጠው አዋጅ ወሰን ሲኖረው ነው። አዋጁ ምንም መመዘኛ ሳያስቀምጥ «በመመሪያ ይወሰናል» ብቻ ካለ፣ መመሪያው ወሰን አለፈ ለማለት የሚለካበት ነገር ለፍርድ ቤቱም ለዜጋውም አይቀርለትም። በመመሪያው ላይ የሚደረገው ቁጥጥር የሚጀምረው አዋጁ በሚረቀቅበት ጊዜ፣ የውክልና አንቀጹ በሚጻፍበት ቦታ ነው።